የመዋዕለ ሕፃናቱ ዓመት ስለ ምን በጨዋታ ላይ ተመሠረተ



ትምህርት ቤት በተከፈተ በወሩ፣ የመስቀል በዓል አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ብዙ ወላጅ የልጁን ቦርሳ ከፍቶ ደብተሩን ሲገላልጥ ገጹ ከሱቅ እንደ ወጣ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፤ የጎረቤቱ ልጅ ደብተር ግን ከዳር እስከ ዳር በ«ሀ» እና በ«ለ» ተሞልቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ፣ «በጣም ጥሩ» ተብሎበት ያያልና፣ «እኛ ገንዘብ የምንከፍለው ልጃችን ሲጫወት እንዲውል ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም። ጥያቄው ተገቢ እንደ መሆኑ መጠን መልሱም በበር ላይ ሰላምታ መካከል በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውንና በተለምዶ «ኦ ክፍል» የሚባለውን ይህን የ6 ዓመት ልጆች ዓመት ስለ ምን ከወንበርና ከደብተር ይልቅ በጨዋታ ላይ እንደ መሠረትነው ለእናንተ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች በጽሑፍ ልንገልጥላችሁ ወደድን።

የክፍላችን የቀን ሥርዓት ቀላል ነው። ሕፃናቱ ጠዋት እንደ ገቡ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ያህል ተረት ይሰማሉ፣ ስለ ሰሙትም ይጠየቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በክፍሉ ማዕዘናት ተከፋፍለው፣ ከፊሉ በጉልቱ፣ ከፊሉ በእንጨት ጡቡ፣ ከፊሉ በጭቃው፣ ከፊሉ በዕቃ ዕቃው ቤት፣ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ቀጥሎ መክሰስ፣ በሜዳ ላይ ሩጫ፣ ከመሄዳቸውም በፊት የድምፅ ጨዋታ አለ። የመካከለኛው ሰዓት እንዲህ የረዘመው በከንቱ አይደለም፤ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ማን ምን እንደሚሆንና በምን ሕግ እንደሚጫወቱ ለመስማማት ብቻ ረጅም ክርክር ስለሚያስፈልጋቸው፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ጨዋታ ስምምነቱ ባለቀበት ቅጽበት ይፈርሳልና፣ ልጁ የሚማርበትን፣ ከክርክሩ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳያይ ይቀራል።

ከማዕዘናቱ ሁሉ የጉልቱን መርጠን በዝርዝር ብንመለከተው የቀሩትም በእርሱ ይታወቃሉ። መሬት ላይ አንድ ጆንያ ይነጠፋል፤ በጆንያው ላይ ድንች የተባሉ ጠጠሮች፣ ሎሚ የተባሉ ቆርኪዎች፣ በርበሬ የተባለ የጡብ ስብርባሪ በጣሳ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ብሩ ከካርቶን የተቆረጠ ነው። አንዲቱ ሕፃን ባለ ጉልት ትሆናለች፤ ሌላው ገዢ፣ ሦስተኛው ዘንቢል ተሸካሚ ይሆናል። ድንቹ በመደብ እንዲሸጥ፣ አንዱም መደብ አምስት እንዲሆን በመጀመሪያ ተስማምተዋል። ይህች ባለ ጉልት በቤቷ ስትጠየቅ ያለ አንድ ስሕተት እስከ ሃያ ትቆጥራለች፤ ወላጆቿም ቁጥር የምታውቅ አድርገው ይመለከቷታል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን መደቦቿን ስትደረድር አንዱ አራት፣ አንዱ ሰባት ይሆንባታል፤ ምክንያቱም ስትቆጥር ምላሷ ከጣቷ ይቀድማል፣ ወይም አንዱን ጠጠር ሁለት ጊዜ ትነካለች። ይህን ስሕተት መምህሯ አትነግራትም፤ ገዢው ይነግራታል፤ «ይኼኛው ትንሽ ነው፣ አልገዛም» ይላታልና፣ ያን ጊዜ ቁጥር ለመምህር የሚደገም ቃል መሆኑ ቀርቶ በሰውና በሰው መካከል የሚፈርድ ዳኛ ይሆንባታል።

ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ መምህሯ ቀርባ «ስንት ሆነ?» ብትላት ከሁለት መልስ አንዱን ትሰጣለች፤ ወይ እንደ ገና ከአንድ ጀምራ ትቆጥራለች፣ ወይም ሳትቆጥር «አምስት» ትላለች። የመጀመሪያውን የምትመልስ ሕፃን የመጨረሻው የቁጥር ስም የክምሩ ሁሉ ልክ መሆኑን ገና አልተረዳችም፤ ሁለተኛውን የምትመልሰው ግን ተረድታለች፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ርቀት የሒሳብ ትምህርት ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ ገዢው፣ እናቱ በገበያ ስትል እንደ ሰማው፣ «መርቂልኝ» ይላል። ባለ ጉልቲቱ በአምስቱ ላይ አንድ ትጨምራለች፤ አሁን ስንት እንደ ሆነ ለመናገር ክምሩን ሁሉ ከአንድ ጀምራ የምትቆጥር ከሆነ መደመርን ገና በጣቷ ነው የምታውቀው፤ «አምስት» ብላ ይዛ «ስድስት» የምትል ከሆነ ግን አምስቱን በልቡናዋ አኑራ ከዚያ ቀጥላለችና ለ1ኛ ክፍል ሒሳብ ተዘጋጅታለች ማለት ነው። እነዚህን ደረጃዎች መምህሮቻችን በየልጁ ስም በመዝገብ ይጽፋሉ። ከአንድ እስከ መቶ የተጻፈበት ደብተር ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ልጁ በየትኛው ደረጃ እንዳለ አይነግረንም፤ እጁ ምልክቶቹን መቅዳት እንደ ቻለ ብቻ ይነግረናል።

በጉልቱ ላይ ከቁጥር የሚበልጥ ሌላም ነገር ይሠራል። ዘንቢል ተሸካሚው ሕፃን ባለ ጉልት መሆን እጅግ ይወዳል፤ ቆርኪዎቹን መንካት ይመኛል፤ ሆኖም ተሸካሚ ነኝ ብሎ ስለ ተስማማ፣ ገዢው እስኪጠራው ድረስ ዘንቢሉን ይዞ ይቆማል። በሌላ ጊዜ «ዝም ብለህ ቁም» ቢባል አንዲት ደቂቃ የማይቆመው ልጅ እዚህ ማንም ሳያዝዘው ይቆማል። ይህ ነገር የሥነ ልቡና ሊቃውንትን ከብዙ ዘመን ጀምሮ አስደንቋቸዋል። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ባስተማረው ትምህርት፣ ሰዎች ጨዋታን የነጻነት ስፍራ ብቻ አድርገው ቢያዩትም፣ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ የፈለገውን እንደማያደርግ፣ ይልቁንም የያዘው ሚና ለሚጠይቀው ሕግ ፈቃዱን እንደሚያስገዛ አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ ማኑይሌንኮ የተባለች የዚያው አገር ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ነገሩን በፈተና አሳየች፤ ሕፃናቱን አንድ ጊዜ እንዲያው ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ አዘዘቻቸው፣ ሌላ ጊዜ ግን ጓደኞቻቸው በሚጫወቱበት ክፍል ዘብ ጠባቂ ሆነው እንዲቆሙ አደረገቻቸው፤ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉት ልጆች ዘብ በሆኑ ጊዜ በትእዛዝ ከቆሙበት ጊዜ እጅግ የረዘመ ጊዜ ቆሙ። የ1ኛ ክፍል መምህር ከልጃችሁ በመጀመሪያው ቀን የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ተራን መጠበቅ፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ የሚያምርን ነገር አይቶ እጅን መሰብሰብ። ፊደል ያልለየ ልጅ በጥቂት ወራት ይለያል፤ ፈቃዱን መግዛት ያልለመደ ልጅ ግን መምህሩ የሚለውን ለመስማት የሚያስችለው ጸጥታ ከራሱ ዘንድ ስለማይገኝ፣ ችግሩ በየትምህርቱ ይከተለዋል።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ሁሉን ያሻሽላል ብለን አንሰብክም። በዚያው በ1948 እ.ኤ.አ. ኢስቶሚና የተባለች ሌላ ሩሲያዊት ተመራማሪ፣ ሕፃናት በጨዋታ ሱቅ ገዝተው እንዲመጡ የተነገራቸውን የዕቃ ስም እንዲያው በቃል እንዲይዙ ከታዘዙት ስም ይበልጥ እንደሚያስታውሱ ጽፋ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ግን ሁለት አሜሪካውያን ነገሩን ደግመው ሲፈትኑት ልጆቹ በትምህርት መልክ ሲነገራቸው የተሻለ ማስታወሳቸውን አገኙ። በእኛም ክፍል የምናየው ይህ ነው፤ ልጁ በገበያው ግርግር ተጠምዶ የተላከበትን ይረሳል። በቃል መያዝ የሚገባውን ጥቂት ነገር፣ የወላጅን ሙሉ ስም፣ የሰፈርን ስም፣ የሳምንቱን ቀናት፣ በጠዋቱ ክብ ተቀምጠው የሚማሩትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊደል እንምጣ፤ የወላጅ ቅሬታ የሚበረታው በዚህ ነውና። «አባቶቻችን በአራትና በአምስት ዓመታቸው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ አልነበረምን?» ትሉናላችሁ። ይቆጥሩ ነበር፤ ያ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት አንባቢ ትውልድ ያፈራ በመሆኑ የምናቃልለው አይደለም። ነገር ግን የዚያ ሥርዓት መምህራን ስለ ዜማዊ ቁጥር ምን ያህል ይጠራጠሩ እንደ ነበር ልብ በሉ። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባቱ ሆሄያት፣ ማለት 231ዱን ምልክት፣ በቃሉ ካወጣ በኋላ አላሰናበቱትም፤ «አቡጊዳ»ን ሰጡት። የ«አቡጊዳ» አደራደር የመጀመሪያውን ቅደም ተከተል ሆነ ብሎ የሚያፈርስ ነው፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል በየእርምጃው ፊደሉም ሆሄውም ይለወጣል፤ ስለዚህ ምላሱ በዜማ የሚሮጥ ልጅ እዚህ ይቆማል፣ ዓይኑም ማየት ግድ ይሆንበታል። የጥንቶቹ መምህራን በቃል መውረድ ከማወቅ የተለየ መሆኑን አውቀው መድኃኒቱን በሥርዓታቸው ውስጥ አኑረውታል፤ ዛሬ ግን የቁጥሩን ዜማ ብቻ ወስደን መድኃኒቱን ትተነዋል፤ ወንበርና ደብተር ስለ ጨመርንበትም ዘመናዊ ያደረግነው ይመስለናል።

ጉድለቱን በቤታችሁ ልትመረምሩት ትችላላችሁ። «ሀ ሁ»ን ሳይቋረጥ የሚያወርድ ልጅ ካላችሁ በገበታው መካከል ያለውን «ሻ» ብቻ ጠቁማችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉት፤ ከ«ሸ» ጀምሮ በጣቱ «ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ» እያለ የሚወጣ ከሆነ መሰላሉን እንጂ ፊደሉን አያውቅም። ከዚህም የሚቀድም ነገር አለ፤ ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድን ተናባቢና አንድን አናባቢ ባንድነት የሚይዝ በመሆኑ፣ ልጁ ምልክቱን ከመማሩ በፊት ቃል በድምፅ ሊከፋፈል እንደሚችል በጆሮው መስማት አለበት። «ዳቦ» ሁለት ጊዜ የሚጨበጨብለት፣ «እንጀራ» ሦስት ጊዜ የሚጨበጨብለት ቃል መሆኑን፣ «በግ»ና «በሬ» በአንድ ድምፅ መጀመራቸውን፣ «ላም»ና «ሎሚ» በአጀማመራቸው ዘመዳሞች ሆነው መለያየታቸውን ያልሰማ ጆሮ፣ «ላ» እና «ሎ» ስለ ምን ሁለት ምልክት እንዳስፈለጋቸው አይገባውም።

የከሰዓቱ የድምፅ ጨዋታ የሚሠራው ይህን ሥራ ነው። ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ «እንጀራ» ይላል፤ ቀጣዩ ቃሉ ባለቀበት ድምፅ ጀምሮ «ራስ» ይላል፤ ሦስተኛዋ «ስንዴ» ትላለች፤ በ«ዴ» ሲደርሱም ተራው የደረሰበት ልጅ ቃል አጥቶ ይቆማል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ጨዋታውም እንደ ገና ይጀመራል። እንቆቅልሽም፣ «አኩኩሉ»ም፣ የተረት መጨረሻን ገምቶ መንገርም በዚሁ ሰዓት ይገባሉ። ደግሞም ፊደል ከክፍላችን ተሰድዷል ብላችሁ እንዳትረዱ፤ የየልጁ ስም በመንጠልጠያው ላይ ተጽፏል፣ በጉልቱ ላይ «ድንች» እና «ሎሚ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ልጁም ዕቃውን ለመለየት ሲል «ይህ የማን ነው፣ ይህ ምን ይላል?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ እንነግረዋለን፣ መጻፍ የሚወድም ሁሉ ይጽፋል። የማናደርገው ነገር ቢኖር ሠላሳ ልጆችን በአንድ ሰዓት አንድን ፊደል ሃያ ጊዜ እንዲቀዱ ማስገደድ ነው።

ስለሚጽፈው እጅም በአጭሩ ተናግረን እንለፍ። ከእጅ አንጓ 8 ጥቃቅን አጥንቶች መካከል በስድስት ዓመት ልጅ ዘንድ ገና ለጋ ሆነው ያልጸኑ አሉ፤ የመጨረሻዋም የምትጸናው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። እርሳስን በጭብጡ ጨብጦ ክንዱን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት በመቀስ መቁረጥ፣ ቆርኪ በሲባጎ መሰካካት ጣቶቹን ካበረታለት በኋላ እርሳሱ በሦስት ጣት መካከል ያለ ትእዛዝ ይቀመጣል።

ቀደም ብሎ ማንበብ የጀመረ ልጅ ለዘለዓለሙ ይቀድም እንደ ሆነ ለሚጠይቅም የኒው ዚላንድን ነገር እንነግረዋለን። በዚያች አገር በተለመዱት ትምህርት ቤቶች ንባብ በ5 ዓመት ሲጀመር፣ ስታይነር በሚባለው ሥርዓት በሚተዳደሩት ግን እስከ 7 ዓመት አካባቢ ይቆያል፤ ሰባስቲያን ሱጌት የተባለ ተመራማሪ የሁለቱን ልጆች አስተያይቶ፣ ዘግይተው የጀመሩት 11 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው በንባብ ከቀደሟቸው ጋር መስተካከላቸውን አግኝቷል። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፊደላችን የራቀ ነውና ይህን እንደ ሕግ አድርገን አንወስደውም፤ መዘግየት በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ለማሳየት ግን ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ስለ ራሳችን ሥራ ጉድለት መናገር ይገባናል፤ ጨዋታ ተብሎ የሚጠራ ሁሉ ጨዋታ አይደለምና። መምህሯ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጆቹን ወደ ሜዳ የምትሰድበት ክፍል ልቅነት እንጂ የጨዋታ ሥርዓት የለውም፤ በአንጻሩ «አንቺ ሻጭ፣ አንተ ገዢ፣ እንዲህ በል» እያለች እያንዳንዱን ቃል የምታቀብልበትም ክፍል ከደብተሩ ሥራ አይሻልም። ሌላም የሚሰወር በሽታ አለ፤ በየቀኑ አንዱ ጉልበተኛ ባለ ጉልት፣ አንዷ ዓይናፋር ደግሞ ሁልጊዜ ተሸካሚ ወይም ሠራተኛ የምትሆንበት ጨዋታ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሞቀ ቢመስልም፣ ለአንዷ የሚያስተምራት መገዛትን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህሯ ልጆቹን አትገሥጽም፤ እርሷም ደንበኛ ሆና ገብታ «ዛሬ ሎሚ የምትሸጠዋ የታለች? እኔ የምፈልገው የእርሷን ነው» ብላ ሁለተኛ ጉልት ታስከፍታለች። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየዞረ በአንዱም የማይሰነብተውን ልጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ልናስብለት ይገባል፤ አንዳንዴ ዕቃው አንሷል፣ አንዳንዴ ልጁ ገና የጨዋታውን ቋንቋ አልያዘም፣ አንዳንዴም ጆሮው በደንብ አይሰማምና፣ ይህን ካየን እናንተን እንጠራለን። ብዛትም ወሰን አለው፤ ስልሳ ልጅ በአንዲት መምህርት ፊት በተሰበሰበበት ክፍል ይህ ሁሉ ሊፈጸም አይችልም፤ እዚያ ያለችው መምህርት ወደ ዜማና ወደ ቅጂ ብታዘነብል የምትወቀስ እርሷ አይደለችም።

በመጨረሻ ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነው። ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ምን ጻፍህ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ምን ሆንህ? ከማን ጋር? ማን ነበር ሕጉን ያወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሽንኩርት ስትገዙ ይዛችሁት ሂዱና መደቡን እርሱ ይቁጠረው፤ እርሱ ራሱ እስካልለመናችሁ ድረስ የማታ ቅጂ አታዙት። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በየሐሙሱ ጠዋት አንድ ወላጅ በክፍሉ ተቀምጦ እንዲመለከት ቦታ አዘጋጅተናልና፣ ቀናችሁን ለመምህሯ አስታውቁ፤ ስትመጡም ያልተቀደደ ጆንያ፣ ባዶ የቡና ጣሳና የምታገኙትን ያህል ቆርኪ ይዛችሁ ኑ፤ ጉልታችን ዕቃው አልቆበታል።